ምዕራፍ ስድስት፦ ብሩ ስንት ቀን ውጭ ያድራል?

ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ በጅምላ የሚሸጥ ነጋዴ ማን ቶሎ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚያጓትት አሳምሮ ያውቃል። ደብተር ሳይገልጥ ስም በስም ይቆጥርልዎታል። ስንት ቀን እንደሚያጓትቱትና መጓተቱ ስንት ብር እንደሚያስከፍለው ሲጠየቅ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ኧረ ብዙ ነው» ይሆናል። ይህ ምዕራፍ የሚያሳየው ያንን «ብዙ» በደረሰኞች ላይ ካሉት ቀኖች ተነስተን እንዴት ወደ ቁጥር እንደምንለውጠው ነው።

ድሬዳዋ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የፈጠራት ከተማ ናት። ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ጣቢያውና ከዚራ፣ ወዲህ ማዶ ቀፊራን ይዞ መጋላ ተሰለፉ። እቃው ዛሬም በአብዛኛው ከጅቡቲ ነው የሚመጣው። አስመጪው ለጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ ለተቋራጩና ለቸርቻሪው በዱቤ ይለቃል። ዱቤ የሌለበት ጅምላ ንግድ እዚህ አይታሰብም። ስለዚህ ጥያቄው ዱቤ እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚል አይደለም። ለማን፣ ለስንት ቀን፣ በስንት ዋጋ የሚል ነው።

ለማሳያ የሚሆን አንድ የግንባታ እቃ መደብር እንውሰድ። ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ቧንቧና ሚስማር በጅምላ ይሸጣል፤ የቫት ተመዝጋቢ ነው፤ ለዱቤ ደንበኞቹ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጣል። መደብሩም ቁጥሮቹም ለትምህርት የተዘጋጁ ናቸው፤ ስሌቱን በራስዎ ደብተር መድገም ይችላሉ። የምንመረምረው የጥቅምት፣ የህዳርና የታህሳስ ወራትን ነው፤ ድምሩ ልክ 90 ቀን ይሆናል።

የመጀመሪያው ስሌት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በታህሳስ 30 ያልተሰበሰበውን ሂሳብ በሦስቱ ወር ሽያጭ አካፍሎ በ90 ማባዛት ነው። ያልተሰበሰበው 2,070,000 ብር ነው እንበል። አሁን የሚከብደው ለየትኛው «ሽያጭ» እንደምናካፍል ማወቅ ነው። የመደብሩ ጠቅላላ ሽያጭ ቫትን ጨምሮ 6,900,000 ብር ነው፤ ለዚህ ሲካፈል 27 ቀን ይወጣል። ባለቤቱ «የሰጠሁት 30 ነው፤ ሰዎቼ እንዲያውም ቀድመው ይከፍላሉ» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ከዚያ ሽያጭ ውስጥ 2,760,000 ብሩ እጅ በእጅ የተሸጠ ነው። እጅ በእጅ የከፈለ ሰው ተሰብሳቢ ሂሳብ ውስጥ የለም፤ ስሌቱ ውስጥ ሲገባ የዱቤውን ቀን ያሳጥረዋል እንጂ ስለ ዱቤ ደንበኛ ምንም አይናገርም። ትክክለኛው አካፋይ የዱቤው ሽያጭ ብቻ ነው፤ እሱም 4,140,000 ብር። መልሱ 45 ቀን ይሆናል።

ሌላኛው ስህተት ወደዚያኛው አቅጣጫ ይስታል። የሂሳብ ባለሙያው የሽያጩን ቁጥር ከትርፍና ኪሳራ መግለጫ ካመጣው ቫት የሌለበትን 3,600,000 ያገኛል። ተሰብሳቢው ላይ ግን 15 በመቶው ቫት አለ፤ ደንበኛው የሚከፍለው ከነቫቱ ነውና። ቫት ያለበትን ቫት ለሌለበት ሲያካፍሉት 45 የነበረው ወደ 52 ያድጋል። ሰባት ቀን የጨመረው ማንም ደንበኛ ሳይዘገይ ነው። ከሁለቱም ላይ ቫቱ ይኑር፣ ወይም ከሁለቱም ላይ ይነሳ።

ይህ የ45 ቀን ቁጥር ቶሎ የሚገኝ ጠቋሚ ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። በመጨረሻው ወር ብዙ ከተሸጠ ቁጥሩ ያብጣል፣ ገበያ ከቀዘቀዘ ይሟሽሻል፤ የደንበኞቹ አከፋፈል ግን ቅንጣት አልተለወጠም። እውነቱን የምናገኘው እያንዳንዱን ደረሰኝ ይዘን እቃው የወጣበትን ቀንና ብሩ የገባበትን ቀን ስናገናኝ ነው።

ቀን መቁጠር ቀላል ይመስላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በርግጥም ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከጥቅምት 12 እስከ ህዳር 27 በጣት ተቆጥሮ 45 ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ኤክሴል ላይ ነው። ጸሐፊው ቀኖቹን 12/2 እና 27/3 ብሎ ቢያስገባ፣ ቀንን ከወር በሚያስቀድም ቅንብር ኤክሴል የሚያስበው ፌብሩዋሪና ማርች መሆናቸውን ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ፌብሩዋሪን በ28 ቀን ቆርጦ 43 ብሎ ይመልሳል። ጥቅምት 30ን ደግሞ ጭራሽ ቀን ነው ብሎ አይቀበለውም፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል የለማ። እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠውና ስሌቱን ያበላሻል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች በትክክል አያነባትም። በዚህ ላይ ደረሰኙ በእኛ አቆጣጠር፣ የባንኩ ስቴትመንት በፈረንጅ ከሆነ ሁለቱን ሳይለውጡ መቀናነስ ከጥቅም ውጭ ነው። መፍትሄው የባንኩን ቀኖች ወደ እኛ ለውጦ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በተለያዩ አምዶች መጻፍ ነው። እቃ የወጣበት ዓመት፣ ወርና ቀን A፣ B እና C ላይ፣ ብር የገባበት D፣ E እና F ላይ ካለ ይህ ቀመር የቀኑን ልዩነት ይሰጣል፤

```
=(D2*365+INT(D2/4)+E2*30+F2)-(A2*365+INT(A2/4)+B2*30+C2)
```

ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመትም ራሱ ያስተካክላል። ነሐሴ 20 ቀን 2016 ወጥቶ መስከረም 20 ቀን 2017 የተከፈለ ደረሰኝ 35 ቀን ይላል፤ በጣት ቢቆጥሩትም ያው ነው።

አሁን ደረሰኞቹን እንዘርጋ። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ተከፍለው ያለቁ ሰባት ደረሰኞችን ብቻ እንይ፤ መጠኖቹ ቫት ያልተጨመረባቸው ናቸው። አንድ ተቋራጭ የ600,000 ብር እቃ ወስዶ በ84 ቀን ከፈለ። ከዚራ ያለ ሆቴል ለእድሳት 150,000 ወስዶ በ40 ቀን ከፈለ። አንድ የመንግስት መሥሪያ ቤት 250,000 በ60 ቀን። አራት ቸርቻሪዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ወስደው በ15 ቀን። የሰባቱን ቀኖች ደምረን ለሰባት ስናካፍል 35 ቀን ገደማ ይሆናል። ለጆሮ መጥፎ አይደለም፤ ከተፈቀደው በአምስት ቀን ብቻ ነው የሚበልጠው።

ግን ይህ አማካይ የአንዱን ቸርቻሪ 50,000 ብርና የተቋራጩን 600,000 ብር እኩል ድምጽ ሰጥቷቸዋል። ውጭ የሚያድረው ደግሞ ብሩ ነው፣ ደረሰኙ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን መጠን በቀኑ እናባዛ፣ እንደምር፣ ድምሩንም ለጠቅላላው 1,200,000 ብር እናካፍል። የሚወጣው 62 ቀን ነው። በ35 እና በ62 መካከል ያለው ርቀት ሙሉ በሙሉ የተቋራጩና የመሥሪያ ቤቱ ክብደት ነው። ለእኔ ከዚህ ምዕራፍ ስሌቶች ሁሉ መቅረት የሌለበት ይህኛው ነው፤ ነጋዴው «ሰዎቼ ጥሩ ከፋዮች ናቸው» የሚለው ሰዎቹን ሲቆጥር ነው፤ በብር ሲቆጠር ግን ትልቁ ድርሻ ያለው አጓታቹ ዘንድ ነው።

ቁጥሩን ከማመን በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ያስፈልጋል። አንደኛው የቼክ ቀን ነው። ተቋራጩ ቼኩን የሰጠው ታህሳስ 13 ሲሆን ቼኩ ላይ የተጻፈው ቀን ታህሳስ 27 ነበር። ጸሐፊው ቼኩን በተቀበለበት ቀን «ተከፍሏል» ብሎ ቢዘጋው 84 የነበረው 70 ይሆናል። ብር ገባ የሚባለው ሂሳብ ውስጥ ሲታይ ነው፤ ደረቅ ቼክ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ደረሰኙ እንዳልተከፈለ ተቆጥሮ በመጀመሪያ ቀኑ ወደ ዝርዝሩ ይመለሳል። ሁለተኛው ዊዝሆልዲንግ ነው። ከፋዩ በህግ የታዘዘውን ቀንሶ ቀሪውን ሲከፍል፣ የቀነሰበት ደረሰኝ እስኪመጣ ድረስ ትንሽ ቀሪ ደብተር ላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች። ያቺን ቀሪ ይዞ ደረሰኙን «አልተከፈለም» ማለት ጥሩውን ደንበኛ አጓታች ያስመስለዋል። ሙሉው ተከፍሏል ብሎ መርሳትም አይሆንም፤ የቀነሰበት ወረቀት ካልመጣ በግብር ጊዜ የሚቀናነሰው ገንዘብ ይቀራል። ወረቀቱን ለብቻው መከታተል ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። እስካሁን ያሰላነው የተከፈሉትን ነው። ከነጭራሹ ያልተከፈለው ደረሰኝ አማካዩ ውስጥ የለም፤ የመዝጊያ ቀን ስለሌለው። ዓመት የሞላው ዕዳ አማካዩን ሳያበላሽ በጸጥታ ይቀመጣል። ስለዚህ ከ62ቱ ጎን ሁልጊዜ ሌላ ዝርዝር ይኖራል፤ ያልተከፈሉት ደረሰኞች በዕድሜያቸው ተለይተው፣ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከዚያ በላይ። አማካዩ እየተሻሻለ የመጨረሻው አምድ እያደገ ከሄደ፣ የተሻሻለ ነገር የለም፤ ከባድ ከባዶቹ ዕዳዎች ከስሌቱ ስለወጡ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። የተቋራጩ እቃ 600,000 ተሽጧል፤ የተገዛው 540,000 ነበር። ትርፉ 60,000 ነው። ብዙ ሰው የመዘግየቱን ወጪ ሲያሰላ 600,000ን ወይም 690,000ን ይይዛል፤ ነገር ግን ትርፉ ገና ከኪሱ የወጣ ብር አይደለም። ከኪሱ የወጣው የእቃው 540,000 እና ቫቱ ነው። ሲገዛ ለአቅራቢው 81,000 ቫት ከፍሏል፤ ሲሸጥ ደግሞ 90,000 ቫት ያለበት ደረሰኝ ቆርጧል፤ ልዩነቱን 9,000 ብር በሚቀጥለው ወር ለገቢዎች ያስገባል። ተቋራጩ ከፈለ አልከፈለ ገቢዎችን አይመለከትም፤ ቫቱ የሚታወጀው በደረሰኙ ነው። ድምሩ 630,000 ብር ነው፤ ዘጠኙ ሺህ ትንሽ ዘግይቶ የወጣ መሆኑ ስሌቱን ያን ያህል አይነካውም።

ይህ ብር ከባንክ ኦቨርድራፍት በዓመት 18 በመቶ የተወሰደ ነው እንበል። የራስዎን መጠን ያስገቡ። በዓመት 113,400 ብር ወለድ ነው፤ በቀን ሲካፈል 311 ብር ገደማ። የተፈቀዱት 30 ቀኖች 9,320 ብር ፈጅተዋል። ይህን ባለቤቱ አውቆ የፈቀደው ስለሆነ የመዘግየት ወጪ አይባልም፤ የዱቤ ዋጋ ነው፣ ከመነሻው የመሸጫ ዋጋው ውስጥ መግባት ነበረበት። የቀሩት 54 ቀኖች 16,777 ብር ፈጅተዋል። የመዘግየት ዋጋ ይህ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 26,097 ብር ይሆናሉ፤ ከ60,000 ትርፍ ላይ ከመቶ 43 በላይ ተነክሷል። አራቱ ቸርቻሪዎች በአንድ ላይ የወሰዱት 200,000 በተመሳሳይ ስሌት ከ20,000 ትርፍ ላይ የሚነክሰው 1,553 ብር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ኪራይን፣ ደመወዝን፣ ጫኝና አውራጅን ጨምሩ። ለተቋራጩ ሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ 30,000 ብር ነው ብንል፣ ለወለዱ የሚቀረው 30,000 ነው። በቀን 311 እየተነከሰ በ97ኛው ቀን ያልቃል። ተቋራጩ በ84 ከፍሏል። መደብሩ «ትልቁ ደንበኛዬ» የሚለው ሰው በከንቱ ከመሸጥ የለየው 13 ቀን ብቻ ነው።

መጋላ ውስጥ ወለድ የማይነካ ነጋዴ ብዙ ነው፤ ወለድ አልባ ሂሳብ ይዞ በራሱ ካፒታል ይሠራል። ለእሱ 18 በመቶው ትርጉም የለውም፤ ውጭ ያደረው ብር ግን እሱንም ያስከፍለዋል። ስሌቱ በእቃ ዙር ይሠራል። ተመሳሳይ እቃ ተገዝቶ፣ ተሸጦ፣ ብሩ እስኪመለስ 54 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ የዘገዩት 54 ቀኖች አንድ ሙሉ ዙር ናቸው፤ የጠፋውም 60,000 ብር ትርፍ ነው። ከ16,777 ጋር ሲተያይ በጣም ይበልጣል። ግን ይህን ቁጥር ለመጥራት አንድ ሁኔታ መሟላት አለበት፤ በእነዚያ ቀኖች ብር አጥሮት እቃ ሳያስገባ፣ ገዢ መልሶ መሆን አለበት። መጋዘኑ ሙሉ ከነበረ የጠፋ ዙር የለም።

የዋጋ ንረትም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በሰኔ በዱቤ የተሸጠ ከውጭ የመጣ እቃ በመስከረም ሲከፈል፣ በተገኘው ብር ያንኑ እቃ መልሶ መግዛት ያቃተው ነጋዴ ነበር። እርግጥ ብዙ እቃ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ተተምኖ ይሸጥ ስለነበር ሁሉም እኩል አልዘለለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የመዘግየት ዋጋ የሚለካው መልሶ በመግዣ ዋጋው ነው፤ የ540,000ው እቃ በ84ኛው ቀን ስንት ይገዛል ብሎ ልዩነቱን መያዝ። ወለዱን፣ ዙሩንና የዋጋ ንረቱን ሦስቱንም መደመር ግን ስህተት ነው። ያው አንድ ብር ነው የታሰረው። በብድር የሚሠራ በወለዱ ይለካ፣ በራሱ ብር የሚሠራ ከዙሩና ከመግዣ ዋጋው የሚከብደውን አንዱን ይያዝ።

ከተቋራጩ ጋር መነጋገር የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ግን 84ቱ ቀኖች የማን እንደሆኑ ሳይለዩ መሄድ ያሳፍራል። ወረቀቶቹን በቀን እንደርድራቸው። እቃው ሳይት የደረሰው ጥቅምት 3 ነው። ደረሰኙ የተቆረጠው ጥቅምት 15፤ መደብሩ ልኩን ላጣራ ብሎ 12 ቀን አዘግይቶታል። ደረሰኝ እቃው ሲወጣ ነበር መቆረጥ የነበረበት። «ቫቱን ትንሽ ላዘግይ» ብሎ ከሆነም ምንም አልተጠቀመም፤ ሁለቱም ቀኖች ጥቅምት ውስጥ ስለሆኑ ቫቱ የሚታወጀው በአንድ ወር ነው። ከዚያ የሳይቱ እቃ ግምጃ ቤት የተቀበለበት ወረቀት ስላልተያያዘ ደረሰኙ ሄዶ ተመለሰ፤ የተቋራጩ ሂሳብ ክፍል እጅ የገባው ጥቅምት 24 ነው። ሌላ 9 ቀን። ብሩ ታህሳስ 27 ገባ።

ስለዚህ የተቋራጩ ሂሳብ ክፍል ሰው የመደብሩን ባለቤት «ሐጂ፣ ወረቀቱ እኔ ጋ የደረሰው ጥቅምት 24 ነው፤ እኔ የዘገየሁት 33 ቀን ነው» ቢላቸው ልክ ነው። ባለቤቱ 54 ብለው ቢከራከሩ ጸብ ብቻ ነው የሚተርፋቸው። ሃያ አንዱ ቀን ከራሳቸው ጠረጴዛ ነው የወጣው፤ ዋጋውም 6,524 ብር።

መሥሪያ ቤቱ ላይ ደግሞ ነገሩ በአብዛኛው ወረቀት ነው። እቃው ገቢ የሆነበት ሞዴል 19 ሳይያያዝ ክፍያ አይንቀሳቀስም፤ ሞዴሉን በርክክቡ ዕለት ማስቆረጥ ከአሥር ስልክ ይበልጣል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በሰኔ አጋማሽ የሚገባ ደረሰኝ ወደ አዲሱ በጀት የመንከባለል አደጋ አለበት። በግንቦት ውስጥ ርክክቡ ያላለቀ እቃ ካለ ጉዳዩን ማፋጠን ይገባል።

ክስ የሚያስብ ካለ አንድ ቁጥር ይያዝ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ፣ ውሉ ሌላ ካላስቀመጠ፣ ህጋዊው ወለድ 9 በመቶ ነው፤ ለባለዕዳውም አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይፈለጋል። በ18 በመቶ የተበደረ ሰው አሸንፎም የወለዱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያስመልሰው። መጠየቅ ያለበት ቀድሞ፣ ውሉ ላይና ዋጋው ላይ ነው።

ለተቋራጩ የሚቀርበው ሐሳብም ከቁጥሮቹ ይወጣል። የ84 ቀን ዱቤ ከሽያጩ ላይ ከመቶ 4.35 ያህል ይበላል። እጅ በእጅ ለሚከፍል ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት ቢቀነስለት መደብሩ አይጎዳም። 60 ቀን እፈልጋለሁ ካለ የ60 ቀን ዋጋ ይሰጠው፤ 311ን በ60 አባዝቶ 18,660 ብር መጨመር ነው። ወለድ የማይሠራ ነጋዴም አስቀድሞ በአንድ ዋጋ ተስማምቶ በዱቤ መሸጥ ይችላል፤ ከዘገየ በኋላ መጨመር ላይ ነው ችግሩ። ሁለቱንም ካልፈለገ፣ የቀድሞው ሳይከፈል አዲስ እቃ የማይወጣበት ጣሪያ ይበጅለት።

ከዚያ በፊት ግን ደረሰኙ ከመኪናው ጋር ይውጣ፣ የተቀባዩ ፊርማም እዚያው ይያዝ። ሃያ አንዱ ቀን ቢቀር የተቋራጩ 84 ወደ 63 ይወርዳል፣ የሰባቱ ደረሰኞች አማካይም ከ62 ወደ 51 ተኩል። ደንበኛው አንድ ቀን እንኳ አላፈጠነም። የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሲሰላ ከ30 በላይ የሚታየው ቀን የደንበኛው ብቻ ይሆናል፤ ያኔ የ33ቱን ቀን ወሬ ለማንሳት ባለቤቱ የሚይዙት ወረቀት የማያከራክር ነው።